ታግና ዓረፍተ ነገር፦ የፕሮምፕት ርዝመትና ቅንፍ በሁለቱ ሞዴሎች ለምን አይመሳሰልም?

ጥያቄ፦ «ለአንድ ካፌ የቡና ሥነ ሥርዓት ምስል እየሠራሁ ነው። ኢለስትሪየስ ላይ አንድን ቃል በቅንፍ አድርጌ 1.4 ስሰጠው ለውጡን አየዋለሁ። ያንኑ ፕሮምፕት ፍላክስ ላይ ስለጥፈው ግን ቅንፉን ከቁም ነገርም አይቆጥረው። ርዝመቱም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ሲረዝምበት ይዘባርቃል፣ ሌላው ሲያጥርበት የራሱን ፈጥሮ ያመጣል። ጀበናው ደግሞ በሁለቱም አልመጣልኝም። እህታችሁን አስረዱኝ።»

መልስ፦ ልዩነቱ የሚጀምረው ጽሑፍሽን ማን እንደሚያነበው ላይ ነው። ምስሉን የሚሠራው ክፍል ቃላትሽን በቀጥታ አያያቸውም። በመሃል ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚቀይር አንባቢ አለ። የአኒሜ ምስል የሚሠራው ኢለስትሪየስ የቆመው ኤስዲኤክስኤል በሚባል ሌላ የምስል ሞዴል ላይ ነው። የኤስዲኤክስኤል አንባቢዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የክሊፕ ቤተሰብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፍላክስ ግን ዋናው አንባቢው ቲ5 የሚባል የቋንቋ ሞዴል ነው።

ክሊፕ የሠለጠነው ምስልን ከአጭር መግለጫ ጋር እንዲያዛምድ ነው። ቲ5 የሠለጠነው ብዙ ጽሑፍ እያነበበ የጎደለውን እንዲሞላ ነው። ስለዚህ ክሊፕ ምስሉ ውስጥ ምን ምን ነገር እንዳለ በደንብ ይይዛል። ማን ምን እንደለበሰ፣ የቱ ከየቱ በስተግራ እንዳለ ግን ቶሎ ይምታታበታል። ቲ5 በሥልጠናው አንድም ምስል አላየም። የዓረፍተ ነገርን አገነባብ ግን ጠንቅቆ ያውቃል።

ሌላው ጉዳይ በሥልጠናው ጊዜ ከየምስሉ ጋር የቀረበው ጽሑፍ ነው። ኢለስትሪየስ የተማረው በዋናነት ዳንቡሩ ከሚባለው የምስል ማከማቻ በመጡ ታጎች ነው። እያንዳንዱ ምስል በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ አጫጭር ስሞች ነበሩት፤ ሌላ ብዙም የለውም። የዓረፍተ ነገር ሞዴሎች መንገድ የተለየ ነው። ስቴብል ዲፊውዥን 3ን የሠሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉን የሥልጠና መግለጫ ማሽን በጻፈው ዘርዘር ያለ ጽሑፍ እንደተኩት በጽሑፋቸው አስፍረዋል። ፍላክስን የሠራው ድርጅት የተመሠረተው ከዚያው ሰፈር በወጡ ሰዎች ነው።

ይህን ከያዝን ወደ ርዝመቱ እንግባ፤ መጀመሪያ የታጉን።

ክሊፕ በአንድ ጊዜ የሚያነበው 77 ቶከን ነው። ከእነዚህ አንዱ የመጀመሪያ፣ አንዱ የመጨረሻ ምልክት ነው። ላንቺ የሚተርፍሽ 75 ነው። ቶከን ማለት አንባቢው ጽሑፍን የሚቆርጥበት ቁራሽ ነው። የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቶከን ነው። እንግዳ ቃል ሁለት ሦስት ቦታ ይቆረጣል። ነጠላ ሰረዙም አንድ ቶከን ይበላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። አንድ ታግ ከነሰረዙ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቶከን ስለሚሆን፣ 75 ማለት ወደ 25 ወይም 30 ታግ ነው።

ከ75 ሲያልፍ ምን ይሆናል? እሱ በምትጠቀሚበት ፕሮግራም ይወሰናል። አውቶማቲክ1111 እና ኮምፊ ዩአይ ጽሑፉን በየ75ቱ ይቆርጡታል። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ለክሊፕ ያስነብቡና ውጤቱን ይቀጥሉታል። ዲፊውዘርስ ላይ በቀጥታ በኮድ የምትሠሪ ከሆነ ግን ትርፉ ይጣላል። ማስጠንቀቂያም ያወጣል፤ የተቆረጠው ጽሑፍ እዚያው ተጽፎ ታዪዋለሽ።

መቆራረጡ የራሱ ችግር አለው። በሁለተኛው ቁራጭ ውስጥ ያለ ቃል በመጀመሪያው ቁራጭ ያለውን አያውቀውም። ክሊፕ ሁለቱን አንድ ላይ አላነበባቸውም። በዚያ ላይ ክሊፕ ጽሑፍ የሚያነበው ወደፊት ብቻ እየሄደ ነው። እያንዳንዱ ቶከን ከእሱ በፊት የመጡትን ያያል፤ ከኋላው የሚመጡትን አያይም። ስለዚህ የየቁራጩ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠ ታግ የሚከተሉትን ሁሉ ይነካል። የሰዎች ብዛት የሚናገረው ታግ ሁልጊዜ ፊት እንዲቀመጥ የሚመከረው አንድም ለዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ሥልጠናው ነው። ብዙ አሠልጣኞች ታጎቹን እየበወዙ ያስተምራሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ግን ከቦታቸው አያነቃንቁም። በዚህም የተነሳ ከፊት ያሉት ጥቂት ታጎች ቅደም ተከተላቸው ትርጉም አለው። መሃል ላይ ያሉትን ብታቀያይሪያቸው ለውጡ ትንሽ ነው።

ታዲያ ታጉ ሲበዛ ለምን ይዘባርቃል? 75ን ማለፉ ብቻ አይደለም። ክሊፕ የሠለጠነባቸው መግለጫዎች አብዛኞቹ በጣም አጭር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የሎንግ ክሊፕ ጥናት ኦሪጅናሉ ክሊፕ በትክክል የሚጠቀምበት ርዝመት 20 ቶከን እንኳ እንደማይሞላ አሳይቷል። በታግ የሠለጠኑ ሞዴሎች ይህን ገደብ በሥልጠና አስፍተውታል። ብዙ ጊዜ የሚሠለጥኑት እስከ 225 ቶከን፣ ማለትም እስከ ሦስት ቁራጭ ድረስ እየተፈቀደ ነው። ሆኖም አንባቢው ያው ክሊፕ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ታግ የምስሉን ትኩረት ከነባሮቹ ይሻማል። አርባ ታግ ስትጽፊ ሞዴሉ ሁሉንም በስሱ ይነካካል፤ ግማሹን ይተወዋል፣ የአንዱን ቀለም ለሌላው ይሰጣል።

አሁን ወደ ቅንፉ። ቅንፍ ለሞዴሉ የምትነግሪው ነገር አይደለም። ፕሮግራሙ ጽሑፉን ለክሊፕ ከመስጠቱ በፊት ቅንፉንና ቁጥሩን ከጽሑፉ ያወጣቸዋል። ክሊፕ ቃሉን ያለ ቅንፍ ያነባል። ከዚያ ፕሮግራሙ ከዚያ ቃል የወጡትን ቁጥሮች በሰጠሽው ክብደት ያስተካክላል። ባዶ ቅንፍ 1.1 ማለት ነው። ድርብ ቅንፍ 1.1 በ1.1 ተባዝቶ 1.21 ይሆናል። በዚህ የተነሳ ስማቸው ውስጥ ቅንፍ ያለባቸው ታጎች ችግር ያመጣሉ። ለእነሱ ወደኋላ ያዘመመ ሰረዝ ያስፈልጋል፦

```
bow \(weapon\)
```

ይህን ካላደረግሽ ፕሮግራሙ ቅንፉን አውጥቶ ለቃሉ 1.1 ይሰጠዋል። ታጉም ሞዴሉ የተማረው ታግ መሆኑ ይቀራል።

ኢለስትሪየስ ላይ ይህ ነገር በግልጽ የሚሠራው ኤስዲኤክስኤል ጽሑፉን የሚጠቀምበት መንገድ ቀላል ስለሆነ ነው። የክሊፕ ቁጥሮች አንዴ ይወጣሉ፤ ምስሉ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ሳይለወጡ በየደረጃው ይታያሉ። ከአንዱ ቃል የወጣውን ቁጥር ካገዘፍሽው ግዝፈቱ በየደረጃው ይደርሳል።

ግን አንድ ቁጥር በሁሉም ፕሮግራም አንድ አይደለም። አውቶማቲክ1111 ቃሉን በክብደቱ ካባዛ በኋላ የጠቅላላውን አማካይ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። አንዱን ስታነሺ ሌሎቹ ትንሽ ይወርዳሉ። ኮምፊ ዩአይ ይህን አያደርግም። እሱ ባዶ ፕሮምፕት የሚሰጠውን ውጤት መነሻ አድርጎ፣ ቃሉን ከዚያ መነሻ ይበልጥ ያርቀዋል። ስለዚህ ከሰው የቀዳሽው 1.4 ኮምፊ ላይ ጠንክሮ ሊመታ ይችላል። ፕሮምፕት ከሰው ስትወስጂ በየትኛው ፕሮግራም እንደተሠራ ጠይቂ። እኔ ከ0.8 እስከ 1.3 ባለው ውስጥ እንድትቆዪ እመክራለሁ። ከ1.5 በላይ ሲሆን ቁጥሮቹ ሞዴሉ በሥልጠና አይቷቸው ወደማያውቅ ክልል ይወጣሉ። ምልክቱን በዓይን ታዪዋለሽ። ቀለሙ ይቃጠላል፣ ጠርዙ ይሻክራል፣ ያጋነንሽው ነገር ሁለት ሦስት ቦታ ይባዛል። ሞዴሉ ፕሮምፕቱን ምን ያህል አጥብቆ እንዲከተል የሚወስነው ሲኤፍጂም ከፍ ያለ ከሆነ ይብሳል።

እስቲ ያንቺኑ ምስል እንውሰድ። ታግ ለሚያነብ ሞዴል ብዙ ሰው የሚጽፈው ይህን ይመስላል፦

```
1girl, dark-skinned female, cornrows, white dress, green trim,
sitting, stool, pouring, coffee, (jebena:1.5), cup, tray,
incense, smoke, grass, indoors, masterpiece, best quality
```

ርዝመቱ ጥሩ ነው፤ በአንድ ቁራጭ ውስጥ ይገባል። ሴትዮዋ ትመጣለች፣ ሹሩባዋም ይመጣል፣ ነጭ ቀሚሱም ይመጣል። ጀበናው ግን አይመጣም። ምክንያቱ ክብደቱ ማነሱ አይደለም። ይህ ቃል ሞዴሉ በተማረባቸው መግለጫዎች ውስጥ እንደ ታግ የሚያውቀው አይደለም። ክሊፕ ቃሉን ወደ ትርጉም አልባ ቁርጥራጭ ይከፍለዋል። 1.5 ስትሰጪው ያገዘፍሽው ያንን ቁርጥራጭ ነው። ወደ 1.8 ብታደርሺውም ጀበና አይወለድም፤ ሌላው ምስል ይበላሻል እንጂ። ክብደት ሞዴሉ የሚያውቀውን ነገር ያጎላል። የማያውቀውን አያስተምረውም።

ቀጥሎ የሚሞከረው መግለጽ ነው። ሰው `black teapot, long neck` ብሎ ይጽፋል። እዚህ ጋ የታግ ትልቁ ድክመት ይወጣል። ታጎቹን የሚያስተሳስር ሰዋስው የለም። ረጅም አንገት የተባለው የማን ነው? ሞዴሉ ምስሉ ውስጥ አንገት ያለው አካል ሲፈልግ ሴትዮዋን ያገኛል። አንገቷን ያስረዝመዋል። ጥቁሩ ደግሞ ወደ ቀሚሱ ይፈስሳል፤ የጥለቱ አረንጓዴም ወደ ስኒዎቹ። ክብደት ስትጨምሪበት ፍሰቱም አብሮ ይጨምራል። ቀለም ያለበትን ታግ ከ1.2 በላይ ማንሳት ብዙ ጊዜ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ለፍሰቱ `BREAK` የሚለውን ትእዛዝ መጠቀም ትንሽ ይረዳል። አውቶማቲክ1111 ላይ ይህ ቃል ያለሽበትን ቁራጭ እዚያው ዘግቶ አዲስ ይጀምራል። ሴትዮዋንና ልብሷን በአንዱ፣ ዕቃውን በሌላው ብታስቀምጪ ክሊፕ ሲያነብ አይቀላቅላቸውም። ምስሉ ሲሠራ ግን ሁለቱም ቁራጮች በአንድነት ይታያሉ። ስለዚህ ፍሰቱ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም።

በታግ ሞዴል ላይ ጀበናን በቃል ብቻ ማምጣት ከባድ ነው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። በጀበና ምስሎች የሠለጠነ ሎራ፣ ማለትም ሞዴሉ ላይ የሚጫን ትንሽ ተጨማሪ ፋይል፣ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዕቃውን ከሌላ ቦታ አምጥቶ መትከል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፍላክስ እንለፍ። ዴቭ የሚባለው እትም ለቲ5 እስከ 512 ቶከን ይቀበላል። ሽኔል የሚባለው ፈጣኑ እትም 256 ነው ወሰኑ። 512ቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን አንድ ገጽ የሚጠጋ ጽሑፍ ማለት ነው። ቲ5 ጽሑፉን ቁራጭ ሳያደርግ በአንድ ጊዜ ያነበዋል። የሚያነበውም በሁለቱም አቅጣጫ ነው። መጨረሻ ላይ ያለ ቃል መጀመሪያ ላይ ያለውን ያስተካክለዋል፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውን። «ቀሚሱ አረንጓዴ ጥለት አለው» ስትዪ አረንጓዴው ከጥለቱ ጋር ታስሮ ይወጣል። ርዝመት እዚህ እንደ ታጉ የማይጎዳው ለዚህ ነው።

ዲፊውዘርስ ላይ ፍላክስን የሚሠሩ ሰዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ረጅም ፕሮምፕት ሲሰጡት ያው የ77 ቶከን ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ፍላክስ ከቲ5 በተጨማሪ ክሊፕም ስላለው ነው። ግን ከክሊፕ የሚወስደው የጽሑፉን ጠቅላላ መንፈስ የያዘ አንድ ማጠቃለያ ብቻ ነው። ዝርዝሩን የሚይዘው ቲ5 ነው፤ እሱ ደግሞ ሙሉውን አንብቦታል። ማስጠንቀቂያው ሊያስጨንቅሽ አይገባም። ከእሱ የምትወስጂው ትምህርት ቢኖር የምስሉን ዋና ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም አንባቢዎች ያገኙታል።

አጭር ስትጽፊለት የራሱን ይፈጥራል ያልሽው ትክክል ነው። የዓረፍተ ነገር ሞዴል ዝርዝር መግለጫ መቀበል ለምዷል። ያልተነገረውን በብዛት ባየው ነገር ይሞላል። «አንዲት ሴት ቡና ትቀዳለች» ብትዪው ዘመናዊ ካፌ፣ የብርጭቆ ማሰሮ፣ እጀታ ያለው ትልቅ ኩባያ ሊያመጣልሽ ይችላል። ቡና መቅዳት በብዛት ያየው በዚያ መልክ ነው። የጎደለውን ዓረፍተ ነገር መጨመር ያለብሽ አንቺ ነሽ።

መጨመር ሲባል ግን ምን እንደሚጨመር መለየት አለበት። «አስደናቂ፣ እጅግ ውብ፣ ድንቅ ሥራ» የሚሉ ቃላት እዚህ ዋጋቸው ትንሽ ነው። በታግ ሞዴል ላይ `masterpiece` እና `best quality` የሚሠሩት ሥልጠናው ላይ ለተመረጡ ምስሎች ሆን ተብለው ስለተለጠፉ ነው። ፍላክስ ላይ እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ። የሚጠቅመው የሚታይ ነገር ነው፤ ቅርጽ፣ ቁስ፣ ቦታ፣ ርቀት፣ ብርሃን።

ቅንፉስ? ፍላክስ ላይ ዕጣው እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። ዲፊውዘርስ ቅንፉን ጭራሽ አይፈታውም። ቲ5 ቅንፉንም፣ ቁጥሩንም፣ ሁለት ነጥቡንም እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ያነባል። ፍላክስ ደግሞ ምስል ላይ ፊደል መጻፍ የሚችል ሞዴል ነው፤ አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ቁራጭ ጽዋ ወይም ግድግዳ ላይ ተጽፎ ሊመጣ ይችላል። ኮምፊ ዩአይ ላይ ግን ቅንፉ ይፈታል፣ ክብደቱም የቲ5 ውጤት ላይ ይውላል። ሆኖም የሚጠበቀውን አያመጣም።

ለምን የሚለው ከሁሉ የሚስበኝ ክፍል ነው። አንደኛው ምክንያት ቲ5 በሁለቱም አቅጣጫ ማንበቡ ነው። የጀበናው ትርጉም «ጀበና» በሚለው ቃል ቦታ ላይ ብቻ አይቀመጥም። ጥቁሩ፣ ሸክላው፣ የሚቀዳው፣ ሁሉም ከእሱ ጥቂት ይዘዋል። አንዱን ቃል ብታገዝፊ የትርጉሙን አንድ ቁራጭ ብቻ ነው ያገዘፍሽው። ሁለተኛው በፍላክስ ውስጥ ያለው ጉዞ ነው። ኤስዲኤክስኤል ውስጥ ጽሑፉ ሳይለወጥ ይታያል ብለናል። ፍላክስ ውስጥ ግን ጽሑፉና ምስሉ አብረው ይጓዛሉ። በየደረጃው ጽሑፉም ራሱ ይለወጣል። ከዚህም በላይ በየደረጃው ቁጥሮቹን ወደ መደበኛ መጠን የሚመልስ ማስተካከያ አለ። አንቺ የጨመርሽው ግዝፈት አብዛኛው እዚያ ይሟሟል። የሚተርፈው ነገር ካለ አቅጣጫው የተዛባ ትርጉም ነው። 1.4 ስትሰጪው ምንም አለመሆኑ፣ 2 ስትሰጪው ደግሞ ድንገት ሌላ ምስል መምጣቱ ከዚህ ይመነጫል።

ስለ ጋይዳንስም ልጥቀስ። ዴቭ ላይ በተለምዶ 3.5 ነው። ሰዎች አጽንዖት ሲያጡ እሱን ከፍ ያደርጋሉ። እሱ ግን ሙሉውን ፕሮምፕት ነው የሚገፋው። አንድን ቃል ለይቶ አያጎላም። ከልክ ሲያልፍ የሰው ቆዳ እንደ ሰም ያብለጨልጫል።

በዓረፍተ ነገር ሞዴል አጽንዖት የሚሰጠው በጽሑፉ ውስጥ ነው። ያንኑ ምስል እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

```
A round-bellied black clay coffee pot with a tall narrow neck and
a single handle fills the left half of the picture. A woman's hand
tilts it, and a thin stream of dark coffee falls into a small white
cup shaped like a tiny bowl. Several identical cups stand close
together on a low wooden tray. The woman sits behind the tray on a
low stool, slightly out of focus. She wears a white cotton dress
with a narrow green border. Fresh cut grass covers the floor, and
thin incense smoke rises on the right.
```

አንድም ቅንፍ የለበትም። ጀበናው ግን ከሁሉ ጎልቶ የሚወጣው እሱ ነው። መጀመሪያ መጣ። ቅርጹ፣ ቀለሙ፣ ቁሱ ተነገረ። ከምስሉ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ተነገረ፤ ይህ ከሁሉም የበለጠ ይሠራል። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ሲዘነበል» በሚል ተግባር ተመልሶ መጣ። ሴትዮዋ ደግሞ ከኋላ ሆና ትንሽ ደብዘዝ እንድትል ተደረገ። አንዱን ማጉላት ማለት ሌላውን ማሳነስም ነው፤ በዓረፍተ ነገር ሞዴል ይህን በግልጽ ትጽፊዋለሽ። ካፌው ሴትዮዋ እንድትጎላ ከፈለገ የመጀመሪያውንና የአራተኛውን ዓረፍተ ነገር ቦታ አቀያይሪ፤ «ግማሹን ይሞላል» የሚለውንም ከጀበናው ወደ እሷ አዙሪ። `slightly out of focus` የሚለውን አውጪ፤ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ያለውን `it` ደግሞ በ`the coffee pot` ተኪ። ለጀበናው ቅርጹ ብቻ ይበቃዋል።

«ጀበና» የሚለውን ቃል ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ስሙን ብትጨምሪው አይጎዳም። ግን ስሙ ላይ ብቻ መመካት አይቻልም። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን መሆኑ ከተነገረው ሞዴሉ ስሙን ባያውቅም ቅርጹን ከሚያውቃቸው ነገሮች ይገጣጥመዋል። አንገቱም እዚህ ወደ ሴትዮዋ አይሄድም፤ ዓረፍተ ነገሩ የማን እንደሆነ ተናግሯል። ፍጹም አይደለም። አንዳንዴ ያልጻፍሽውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ዓይነት የጎን አፍ ይጨምርበታል፤ ያኔ ቡናው ከየት እንደሚፈስስ መጻፍ ይረዳል።

ስኒው ላይ «እጀታ የሌለው» ከማለት «እንደ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ያለ» ማለቴንም ልብ በዪ። በተለመደው አሠራር ዴቭ ላይ አሉታዊ ፕሮምፕት የለም። «የሌለው» ብትዪ «እጀታ» የሚለው ቃል ጽሑፉ ውስጥ ገብቷል፤ ብዙ ጊዜ ይመጣል። የማትፈልጊውን ከመካድ ይልቅ በቦታው ያለውን ተናገሪ። ታግ ሞዴል ላይ ግን የማትፈልጊውን ወደ አሉታዊው ሳጥን መክተት ትችያለሽ፤ እዚያ በደንብ ይሠራል።

ያ የእንግሊዝኛ ፕሮምፕት ወደ 95 ቃላት ነው። ለቲ5 ምንም አይደለም። ኢለስትሪየስ ላይ ብትለጥፊው ግን 75ን አልፎ ይቆረጣል። የጥለቱ አረንጓዴ ወይም ቀጤማው ከሴትዮዋ ተነጥሎ ወደ ሁለተኛው ቁራጭ ይገባል። እንደ `fills` እና `behind` ያሉት ቃላትም ቶከን ይበላሉ፤ በታግ የሠለጠነ ሞዴል ከእነሱ የሚያገኘው ግን ትንሽ ነው። አንዱን ፕሮምፕት ለሁለቱም መጠቀም የማያስኬደው በዚህ ነው።

በአማርኛ መጻፍ ለምትሞክሩም አንድ ነገር ልበል። ክሊፕ የግዕዝ ፊደልን በባይት ነው የሚቆርጠው። አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ እስከ ሦስት ቶከን ሊበላ ይችላል። በሃያ አምስት ፊደል 75ቱ ሊያልቅ ይችላል፤ ትርጉሙንም ሞዴሉ አያውቀውም። ቲ5 ላይ ይብሳል። መዝገበ ቃላቱ የተሠራው ለእንግሊዝኛ፣ ለጀርመንኛ፣ ለፈረንሳይኛና ለሩማንያኛ ነው። የእኛን ፊደል «የማይታወቅ» በሚል አንድ ምልክት ይተካዋል። ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ለቲ5 ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። በአማርኛ ጽፈሽ ደህና ምስል የሚያመጡ አገልግሎቶች ካየሽ፣ ወይ በመሃል ይተረጉሙታል፣ ወይ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ አንባቢ አላቸው።

አጽንዖቱ እየሠራ መሆኑን የምታውቂው ሲዱን፣ ማለትም የምስሉን የዘፈቀደ መነሻ የሚወስነውን ቁጥር፣ አስረሽ ስትሞክሪ ነው። ሲዱ ከተለወጠ ለውጡ ከክብደቱ ይሁን ከዕድል አይታወቅም። ታግ ሞዴል ላይ በአንድ ሲድ 0.8፣ 1.0፣ 1.2 እና 1.4 አውጥተሽ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ከ0.8 እስከ 1.2 ምንም ካልተለወጠ ሞዴሉ ቃሉን አያውቀውም፤ ሌላ ታግ ፈልጊ። ፍላክስ ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር እየሰረዝሽ ሞክሪ። ተሰርዞ ምስሉ ካልተለወጠ ዓረፍተ ነገሩ ሥራ አልነበረውም።

ላንቺ ሥራ እኔ ብሆን ሁለቱን አቀናጃለሁ። ጀበናው፣ ስኒዎቹ፣ የእጇ አቀማመጥ ከላይ ባለው ዓረፍተ ነገር በፍላክስ ይውጣ። የአኒሜው መልክ ከተፈለገ ያንን ምስል ወደ ኢለስትሪየስ በምስል ለምስል አስገቢው። የለውጡን መጠን 0.4 አካባቢ አድርጊ። ታጎቹን አሳጥሪ፤ ሴትዮዋ፣ ልብሷ፣ ቦታው ይበቃሉ። ዕቃውን በታግ አትጥሪው፤ ቅርጹ ምስሉ ውስጥ አለ። ከፍ አድርገሽ 0.6 ስትደርሺ ጀበናው ወደ ተራ ማንቆርቆሪያ መቀየር ከጀመረ ወደ 0.45 ዝቅ በዪ። መልኩ በቂ አኒሜ ካልሆነ መጠኑን ከመጨመር ይልቅ ጀበናውን በማስክ ሸፍነሽ የቀረውን ብቻ ደግመሽ አሠሪው።